የቁጠባችሁን እውነተኛ ወለድ ራሳችሁ አስሉት

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች እንበል። በሰኔ 2011 ዓ.ም 100,000 ብር ባንክ አስገባች። እስከ ሰኔ 2015 ድረስ አልነካችውም። ወለዱ እየተደመረ ሄዶ ደብተሯ ላይ 129,373 ብር ተመዘገበ። ወደ 30,000 ብር የሚጠጋ ትርፍ መሆኑ ነው። ሴትየዋም ደስ ብሏታል።

ይህ መመሪያ ደስታዋ ልክ መሆን አለመሆኑን በስልክ ካልኩሌተር እንዴት እንደምታጣሩ ያሳያል። ሒሳቡ ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች መምረጥ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ቆየት እንላለን።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እንለይ። ባንኩ የሚነግራችሁ 7% ወይም 10% ስማዊ ወለድ ይባላል። ብራችሁ በቁጥር ምን ያህል እንደጨመረ ይናገራል። እውነተኛ ወለድ የሚባለው ደግሞ ያ ብር የሚገዛው ነገር ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚናገረው ነው። ደብተር ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማንም አስልቶ አይሰጣችሁም።

1ኛ፦ ስቴትመንት አውጡና የተጣራውን ወለድ ለዩ

የአንድ ሙሉ ዓመት ስቴትመንት ከባንክ ጠይቁ፣ ወይም ከሞባይል ባንኪንጉ አውጡ። ሦስት ዓይነት መስመር ፈልጉ፦ የገባ ወለድ፣ ከወለዱ የተቆረጠ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ከ5% ወደ 7% ከፍ አድርጎት ነበር። የልብስ ሰፊዋ ብር የተቀመጠውም በዚሁ 7% ነው። ግን 7%ቱ በሙሉ እጇ አልገባም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከቁጠባ ወለድ ላይ 5% ግብር ይቆረጥ ነበር። ይህ ከዋናው ብር ሳይሆን ከወለዱ የሚነሳ ነው። ስለዚህ ከ7% የሚቀረው 6.65% ነው። በ100,000 ብር ላይ 7,000 ሳይሆን 6,650 ብር ማለት ነው። የናንተን ግን ከስቴትመንቱ አንብቡ፤ የግብር ሕግ ይሻሻላል፣ የተቆረጠው ብር ግን እዚያው ተጽፏል።

ባንኩ ወለዱን በምን ላይ እንደሚያስበውም ጠይቁ። በየቀኑ ባለው ቀሪ ሒሳብ ነው ወይስ በወሩ ውስጥ በታየው ዝቅተኛ ቀሪ? ነጋዴ ከሆናችሁ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ወር ሙሉ 80,000 ብር አስቀምጣችሁ አንድ ቀን ብቻ ወደ 10,000 ብታወርዱት፣ በዝቅተኛው ቀሪ የሚያስብ ባንክ የሚያየው 10,000ዋን ነው። ወለዱ «የጠፋባችሁ» ሰዎች ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው። ማውጣት ያለባችሁ ከሆነ ወሩ አልቆ አዲሱ ሲገባ አውጥታችሁ እዚያው ወር ውስጥ ሌላ ሳታወጡ ብትቆዩ ይሻላል።

2ኛ፦ ክፍያዎቹን ደምሩ

የመልእክት ማሳወቂያ፣ የኤቲኤም ካርድ ዓመታዊ ክፍያ፣ በሌላ ባንክ ማሽን ብር ማውጣት፣ ማስተላለፊያ። አንድ አንዱ ሲታይ የቡና ዋጋ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ደምሯቸው።

እዚህ ላይ የሚያመልጠን ነገር አለ። ቋሚ ክፍያ ትንሹን ቆጣቢ ነው የሚጎዳው። ለምሳሌ በወር 10 ብር የሚቆረጥ ክፍያ ቢኖር በዓመት 120 ብር ይሆናል። 100,000 ብር ላላት ልብስ ሰፊ 120 ብር ከ6,650 ብር ወለዷ ውስጥ አይታወቅም። ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ደመወዙ እየቆጠበ 5,000 ብር ላደረሰ ወጣት ግን የዓመት የተጣራ ወለዱ 332 ብር ገደማ ነው። 120ዋ ከሦስት እጅ አንዱን ወስዳ ትሄዳለች። ለእሱ እጁ የሚገባው የወለድ መጠን 6.65% ሳይሆን 4.25% ነው።

ስለዚህ አነስተኛ ብር በሦስት ባንክ በትኖ ማስቀመጥ ወለዱን ለክፍያ መገበር ነው። አንዱን አስቀርታችሁ ሌሎቹን ዝጉ። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ሒሳብ ላይ ካርድም ሆነ ማሳወቂያ የግድ ካልሆነ አታስከፍቱ።

በመቶኛ የሚሰላ ክፍያ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እሱ ትልቁንም ትንሹንም እኩል ይበላል፤ ጉዳቱ የሚታየውም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። 100,000 ብር በ6.65% ለ20 ዓመት ብትተዉት 362,000 ብር ገደማ ይሆናል። በዓመት 1% የሚወስድ አስተዳዳሪ መሃል ቢገባና ዕድገቱ 5.65% ቢሆን 300,000 ብር ገደማ ላይ ይቆማል። በዓመት 1% ተብሎ የተጀመረው ከትርፋችሁ አራት እጅ አንዱን ገደማ ወሰደ ማለት ነው። ምክንያቱም የተቆረጠችው ብር ብቻ አይደለችም የሄደችው፤ እሷ በቀሩት ዓመታት ልታመጣው ትችል የነበረው ወለድም አብሮ ሄዷል።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ቁጠባ ያለበት የሕይወት መድን ስትገቡ ፈልጉት። ሻጩ በ15 ዓመት መጨረሻ የሚከፈላችሁን ድምር ያሳያችኋል። እናንተ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «በሦስተኛው ዓመት ባቋርጥ ስንት ይመለስልኛል?» የመለሰላችሁ ቁጥር እስካሁን ከከፈላችሁት በጣም ካነሰ፣ ልዩነቱ የሻጩ ኮሚሽን፣ የሥራ ማስኬጃና የመድን ሽፋኑ ዋጋ ነው። ሽፋኑን ከፈለጋችሁት ክፈሉ፤ ግን ወለድ ብላችሁ አትቁጠሩት።

3ኛ፦ ትክክለኛውን የዋጋ ንረት ምረጡ

የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ንረትን በየወሩ ያሰላል። ዜናው ላይ የሚነበቡት ቁጥሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ የዚህ ወር ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ነው። ሌላው ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር ነው። ሦስተኛው የ12 ወራት አማካይ ነው። ለዓመት ቁጠባ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። «ንረቱ 1.2% ነው» የሚል ዜና ሰምታችሁ ከ7% ጋር ካወዳደራችሁ፣ የወር ቁጥር ከዓመት ጋር አደባለቃችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ንረቱ ከ30% ወደ 14% ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ዋጋው አሁንም እየወጣ ነው፤ የሚወጣበት ፍጥነት ብቻ ነው የቀነሰው። ባለፉት ዓመታት የተቆለለው ዋጋ እዚያው አለ። ስለዚህ «አሁን ንረቱ ስለበረደ ብሬ ተመለሰ» የሚል ሒሳብ የለም።

የአገሪቱ ቁጥር አማካይ ነው። ደሴ ያለ ቤተሰብ የሚበላውና የሚከራየው ከአማካዩ ሊለይ ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሲቋረጥ የወሎን ዋጋ ከአገር አማካይ ለማግኘት መሞከር ከንቱ ነበር። ስለዚህ የቤታችሁን ንረት ራሳችሁ ብታወጡት ይሻላል። አንድ ምሽት ነው የሚወስደው።

ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ያወጣችሁትን በአምስት መደብ ጻፉት። ዘንድሮ ያንኑ ነገር፣ በዚያው መጠን፣ ለመግዛት ስንት እንደወጣ አጠገቡ ጻፉ። ለምሳሌ ያህል፦

- ጤፍ፣ ማሽላና ሌላ እህል፦ ያኔ 4,500፣ ዛሬ 5,400
- ዘይት፣ ቡና፣ ስኳር፣ ሽንኩርት፦ ያኔ 2,500፣ ዛሬ 2,900
- የቤት ኪራይ፦ ያኔ 3,000፣ ዛሬ 3,800
- የልጆች ትምህርት ቤት፦ ያኔ 1,000፣ ዛሬ 1,200
- ባጃጅና ከሰል፦ ያኔ 1,000፣ ዛሬ 1,100

ያኔ 12,000፣ ዛሬ 14,400። 14,400 ለ12,000 ሲካፈል 1.20 ይመጣል። የዚህ ቤት ንረት 20% ነው።

መጠኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጤፍ ስለተወደደ ወደ ማሽላ ዞር ብላችሁ ከሆነ ወጪያችሁ ያልጨመረ ይመስላል፤ ግን የኑሮ ደረጃ ነው የወረደው። ወሩም አንድ ዓይነት ይሁን። እህል መኸር በገባበት በታኅሣሥና በጥር ይረክሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ይወደዳል። ወሎ ደጋው ላይ በልግ ስለሚዘራ በልጉ የቀናበትና የከሸፈበት ዓመት የሰኔ ዋጋ ይለያያል። የነሐሴን ዋጋ ከጥር ጋር ካነጻጸራችሁ ያገኛችሁት ወቅቱን እንጂ ንረቱን አይደለም።

4ኛ፦ አካፍሉ እንጂ አትቀንሱ

አብዛኛው ሰው ወለዱን ከንረቱ ቀንሶ ይጨርሳል። ንረቱ 3 ወይም 4 ከመቶ በሆነበት አገር ያ ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን ያሳስታል። ትክክለኛው ይህ ነው፦

```
(1 + የተጣራ ወለድ) ÷ (1 + ንረት) − 1
```

የ20%ቱን ቤት እንውሰድ። 6.65% ማለት 0.0665 ነው፤ 1 ሲደመርበት 1.0665። 20% ደግሞ 1.20። ሲካፈል 0.889 ይመጣል። አንድ ሲቀነስ ከዜሮ በታች 11.1% ይሆናል። ይህ ቤት ባንክ ካስቀመጠው ብር በዓመት ከመቶ 11 እጅ የመግዛት አቅም አጥቷል። ደብተሩ ግን በዚያው ዓመት 6.65% ጨምሯል።

በመቀነስ ቢሰላ 13.35% ኪሳራ ይመስል ነበር። ንረቱ እየጨመረ ሲሄድ ስህተቱም ይሰፋል። በአውሮፓውያኑ 2022 የአገሪቱ አማካይ ንረት 33.9% ነበር። ብትቀንሱ 27 ከመቶ ገደማ ኪሳራ ታያላችሁ፤ ብታካፍሉ 20 ከመቶ ነው። ኪሳራው በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

ይህ ለምን ሆነ? ወለዱም ሆነ የዋጋው ጭማሪ የሚቆጠሩት በዓመቱ መጨረሻ ባለው፣ በረከሰው ብር ነው። የምትቀንሱት ግን በዓመቱ መጀመሪያ ዋጋ እንደሆነ አድርጋችሁ ነው። ማካፈሉ ሁሉንም ወደ አንድ ቀን ዋጋ ያመጣዋል።

5ኛ፦ የብዙ ዓመት ቁጠባን በሰንሰለት አባዙ

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። አራት ዓመት ቆይታለች። የየዓመቱን ንረት መደመር አይቻልም፤ ያለፈው ዓመት ንረት ላይ የዘንድሮው ስለሚጨመር ማባዛት ነው።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር አማካይ ንረቱ በ2020 20.4%፣ በ2021 26.8%፣ በ2022 33.9%፣ በ2023 30.2% ነበር። እነዚህ የዓመት አማካይ ናቸው፤ ስለዚህ የሚለኩት ከ2019 አጋማሽ እስከ 2023 አጋማሽ ያለውን መንገድ ነው። ይህም በእኛ ከሰኔ 2011 እስከ ሰኔ 2015 ድረስ መሆኑ ነው። አጋጣሚው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ይገጥማል።

```
1.204 × 1.268 × 1.339 × 1.302 = 2.66
```

በ2011 100 ብር የነበረው አስቤዛ በ2015 266 ብር ሆኗል። የእሷ ብር ደግሞ 1.0665 አራት ጊዜ ሲባዛ 1.294 ሆነ። 129,373ን ለ2.66 አካፍሉት። ወደ 48,600 ብር ይመጣል።

ስለዚህ ደብተሯ ላይ ያለው 129,373 ብር በ2011 ዋጋ 48,600 ብር ነው። ዋጋው ከአጠቃላይ ንረቱ እኩል የጨመረ ዕቃ ብትወስዱ፣ ያኔ ሁለት መግዛት የምትችለውን ዛሬ ከነወለዱ አንድ እንኳ አይሞላላትም። ማንም አልሰረቃትም፣ ባንኩም የተስማማውን ከፍሏታል። በየዓመቱ እንዲህ ሆነ፦

| | ደብተሩ ላይ | በ2011 ዋጋ |
|---|---|---|
| ከ1 ዓመት በኋላ | 106,650 | 88,580 |
| ከ2 ዓመት በኋላ | 113,742 | 74,503 |
| ከ3 ዓመት በኋላ | 121,306 | 59,341 |
| ከ4 ዓመት በኋላ | 129,373 | 48,608 |

ባለችበት ለመቆም ደብተሯ ላይ 266,000 ብር መኖር ነበረበት። ይህ እንዲሆን በየዓመቱ 27.7% የተጣራ ወለድ ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ የቁጠባ ወለድ በከተማው አልነበረም። ስለዚህ «የተሻለ ባንክ ብመርጥ ኖሮ» ብላ ራሷን መውቀስ የለባትም። በባንኮች መካከል ያለው የአንድና የሁለት ከመቶ ልዩነት ይህን አይሞላውም። ስህተቱ ካለ፣ ለአራት ዓመት የማትፈልገውን ብር በሙሉ ቁጠባ ሒሳብ ላይ መተዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ንረቱ በርዷል። በ2017 መጨረሻ ዓመታዊው ቁጥር 14% አካባቢ ነበር። በዚያ ንረት 6.65% የሚያስገኝ ብር በዓመት 6.5% ገደማ አቅም ያጣል። ቀላል ይመስላል። ግን በዚሁ ከቀጠለ ግማሹ ለመሄድ የሚወስደው አሥር ዓመት ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ለልጅ ትምህርት ወይም ለጡረታ የሚቆጥብ ሰው አሥር ዓመት ሩቅ አይደለም።

6ኛ፦ ወለድ የሌለበትንም በዚሁ ሚዛን ለኩ

ወሎ ላይ ብዙ ቆጣቢ ወለድ አይፈልግም፤ ሃይማኖቱ ይከለክለዋል። ከወለድ ነጻ አገልግሎት ሲከፍት ግን ሁለት ዓይነት ሒሳብ እንዳለ ልብ ይበል። ወዲዓ የአደራ ነው፤ ባንኩ ብራችሁን ይጠብቃል እንጂ ትርፍ ለመስጠት አይዋዋልም። ሙዳራባ ደግሞ ባንኩ ብሩን ሠርቶበት ትርፉን በተስማማችሁት ድርሻ የምትካፈሉበት ነው። ብዙዎች የሚያስቀምጡት በወዲዓ ነው።

በወዲዓ የተቀመጠ 100,000 ብር በእነዚያ አራት ዓመታት በ2011 ዋጋ 37,600 ብር ገደማ ሆኖ ነበር የሚቀረው። ለዕለት ሥራ የሚሽከረከር ብር ከሆነ አብሽሩ፣ ምንም አይደለም። ዓመታት የሚቀመጥ ከሆነ ግን ስለ ሙዳራባ ጠይቁ። መጠየቅ ያለባችሁ ያለፈውን ዓመት የተከፈለ ትርፍና የድርሻ ክፍፍሉን ነው። ትርፉ ቃል የተገባ ስላልሆነ ባለፈው ዓመት የተከፈለው ዘንድሮም ይከፈላል ማለት አይደለም።

እቁብም ወለድ የለውም። ቢሆንም ንረት ባለበት አገር እቁብ ውስጥ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄድ ገንዘብ አለ፤ ማንም አይናገረውም እንጂ።

12 ሰው ያለበት፣ በወር 5,000 ብር የሚጣልበት እቁብ እንውሰድ። ዕጣው 60,000 ነው። ዋጋ በወር 2% ይጨምራል እንበል፤ በዓመት 27% ገደማ መሆኑ ነው። ሁሉንም በመጀመሪያው ወር ዋጋ ብንለካው፣ እያንዳንዱ ሰው በዓመቱ የሚጥለው 12 ጊዜ 5,000 ብር ወደ 53,900 ብር ይመዝናል። የኋለኞቹ 5,000ዎች ረክሰዋልና። በመጀመሪያ ወር ዕጣ የደረሰው 60,000 ሙሉ ዋጋ ይወስዳል፤ 6,000 ብር ያህል አተረፈ። የመጨረሻው ባለዕጣ የሚወስደው 60,000 ግን በመጀመሪያው ወር ዋጋ 48,300 ብር ገደማ ነው፤ 5,700 ብር ያህል ከሰረ። ስድስተኛው አካባቢ የሚደርሰው እኩል ለእኩል ይወጣል።

ዕጣው በእውነት በዕጣ የሚወጣ ከሆነ ነገሩ ዕድል ነው፤ አንዴ ያተረፈ ሌላ ጊዜ ይከስራል። ዳኛው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን የሚወስድበት እቁብ ግን ለአገልግሎቱ የሚከፈለው ክፍያ ይኸው ነው። ዕጣችሁን ለመሸጥ ወይም ለመግዛት ስትደራደሩም ይህን ስሌት ያዙ። በሦስተኛው ወር የደረሰውን ሰው ዕጣ ገዝታችሁ በእናንተ አሥራ አንደኛ ለመቀየር ብታስቡ፣ ልዩነቱ ስምንት ወር ነው። 60,000 ብር በስምንት ወር በ2% ሲረክስ ወደ 51,200 ይወርዳል። ሻጩ ከ8,800 ብር በላይ ከጠየቃችሁ ዋጋው ከንረቱ አልፏል።

7ኛ፦ ብሩን በሚያስፈልግበት ጊዜ ከፋፍሉት

ይህን ሁሉ ያሰላ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ብሩን በሙሉ አውጥቶ አንድ ነገር መግዛት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለሕመም፣ ለኪራይ፣ ለቅርብ ጊዜ ግዢ የሚፈለግ ብር ባንክ ይቀመጥ። በስድስት ወር የሚያጣውን አቅም የጥበቃና የምቾት ክፍያ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በድንገት ከብት ለመሸጥ መገደድ ከዚህ በላይ ያስከስራል።

ከዓመት እስከ ሁለት ዓመት የማይነካውን ለጊዜ ገደብ ተቀማጭ ተደራደሩበት። የጊዜ ገደብ ወለድ በድርድር ነው፤ ብሩ ከፍ ሲል የሚሰጠውም ከፍ ይላል። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ አረጋግጡ፦ ጊዜው ሳይደርስ ብታወጡ ወለዱ ምን እንደሚሆንና ጊዜው ሲያልቅ በራሱ ይታደስ እንደሆነ። የመጣውን ቁጥር በ4ኛው እርምጃ አስገቡት። ውጤቱ ከዜሮ በታች ቢሆንም ከተራው ቁጠባ በምን ያህል እንደሚሻል ታያላችሁ።

ከዚያ በላይ የሚቆየውን ወደ ንብረት ማዞር የወሎ ሰው የቆየ ልማዱ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣውን ከብትና ፍየል ያየ ይህን ያውቃል። ግን ከብቱንም በዚያው ሚዛን ለኩት፤ ስማዊ ትርፍ እዚህም ያታልላል።

አንድ ወይፈን በ20,000 ብር ተገዛ እንበል። የደላላና የማጓጓዣ 500 ብር ወጣ። ዓመቱን ለመኖና ለመድኃኒት 4,000 ብር ወጣ። በዓመቱ በ30,000 ተሸጠ፤ በመሸጫው ቀን ደግሞ 500 ብር ወጣ። ገበያ ላይ የሚነገረው «በ20 ገዝቼ በ30 ሸጥኩ» ነው፤ 50% ትርፍ። እስቲ እናስላው። ከ30,000 ላይ 500ና 4,000 ሲነሳ 25,500 ይቀራል። መጀመሪያ የወጣው 20,500 ነው። 25,500 ለ20,500 ሲካፈል 1.244፤ የተጣራው 24.4% ነው። የቤታችሁ ንረት 20% ከሆነ 1.244ን ለ1.20 አካፍሉ። እውነተኛው ትርፍ 3.7% ነው።

ከባንኩ 11% ኪሳራ ይህ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ወይፈኑ አንድ ነው፤ ቢታመም ወይም ድርቅ ቢገባ ዋናውም ይሄዳል። ደግሞ ጥበቃውን አልቆጠርነውም። ለጠባቂ ልጅ ለዓመቱ 1,000 ብር ብቻ ብትከፍሉ፣ የተጣራው 24,500 ለ20,500፣ ማለትም 1.195 ይሆናል። ለ1.20 ሲካፈል ከዜሮ በታች ግማሽ ከመቶ ገደማ ነው። ወይፈኑ በራሳችሁ ልጅ ከተጠበቀም ያቺን 1,000 ብር ወጪ ውስጥ ጻፏት።